ሞራ የተነሣለት ዓይን በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጠበቅ

የዓይን ሞራ በሐኪም እጅ የተነሣለት ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ሦስት ነገር ይዞ ይመጣል። አንደኛው በፋሻ የተሸፈነው ዓይኑ ነው፤ ሁለተኛው በትንንሽ ብልቃጥ የተሞላው የጠብታ መድኃኒት ነው፤ ሦስተኛው ሐኪም ቤቱ የጻፈለት አንድ ወረቀት ነው። ቤተ ሰቡ ዓይኑን ይሳሳለታል፤ መድኃኒቱንም በጥንቃቄ ያስቀምጣል፤ ወረቀቱ ግን ብዙ ጊዜ ተጣጥፎ በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ዛሬ በዚህ ዐምድ ስለዚሁ ስለሚረሳው ወረቀት ጥቂት ቃል ለመጻፍ አስበናል። በቀዶ ጥገናው ቀን የተገኘው ብርሃን ከዚያ በኋላ ባሉት 4 ሳምንታት የሚጠበቀው ወይም የሚጠፋው በዚህ ወረቀት ላይ በተጻፈው ነገር ነውና።

በቀድሞ ዘመን ይህ ጥበቃ የሐኪም ቤቱ ሥራ ነበር። ሞራ የተነሣለት በሽተኛ ቍስሉ እስኪገጥም ድረስ ለብዙ ቀናት በጀርባው ተንጋሎ ይተኛ ነበር፤ ራሱም እንዳይነቃነቅ አሸዋ የተሞላ ከረጢት በግራና በቀኝ ይደገፍለት ነበር። ዛሬ ግን የሥራው መንገድ ተለውጧል። ሐኪሙ በዓይን ጠርዝ ላይ የሚከፍተው ቀዳዳ በአንደኛው መንገድ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፥ በሌላው መንገድ ደግሞ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ስፌት በራሱ ይገጥማል። በዚህ ቀዳዳ የደፈረሰው የዓይን ሌንስ ይወጣና በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። እንዲህ ያለውን ሌንስ መጀመሪያ በሰው ዓይን ውስጥ ያስገባው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1949 ነበር።

እንግዲህ በሽተኛው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነገር ግን ቍስሉ ገና ትኩስ ሳለ ወደ ቤት ስለ ሄደ ጥበቃውም አብሮት ወደ ቤት ሄዷል ማለት ነው። ቀድሞ አስታማሚዋ በሐኪም ቤት ትሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ልጅ ወይም ሚስት በቤት ውስጥ ትሠራዋለች፤ ወረቀቱም የተጻፈው ከበሽተኛው ይልቅ ለእርሷ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ የአንድ የምናውቀውን ቤተ ሰብ ታሪክ ስም ሳንጠራ እናመጣለን። ዕድሜያቸው 72 ዓመት የሆነ፥ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት በጡረታ የወጡ አንድ አባት ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ በአዲስ አበባ የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተነሣላቸው። የምታስታምማቸው ታላቋ ሴት ልጃቸው ነበረች። እርሷም ወረቀቱን ከሐኪም ቤት እንዳመጣች በመሳቢያ አላኖረችውም፤ በአባቷ መኝታ ፊት ለፊት ካለው የግድግዳ ቀን መቍጠሪያ አጠገብ በመርፌ ቍልፍ ሰካችው። ይህች ትንሽ ነገር በኋላ ምን ያህል እንደ ጠቀመች አንባቢ ከታሪኩ ይረዳዋል።

ወረቀቱ የሚጀምረው በጠብታው ነው። ማክሰኞ ጥቅምት 5 ቀን ጥዋት ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ ዓይኑን ከመረመረ በኋላ ሁለት ብልቃጥ ሰጣቸው። አንደኛው ተሐዋስያንን የሚገድል፥ አንቲባዮቲክ የሚባለው መድኃኒት ነው። ሁለተኛው ዓይን በቢላዋ በተነካ ጊዜ የሚመጣውን መቈጣት የሚያበርድ፥ ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ ጠብታ ነው። በወረቀቱም ላይ ሥርዐቱ እንዲህ ተጽፎ ነበር።

ከጥቅምት 5 እስከ ጥቅምት 11 ቀን፦ ሁለቱም መድኃኒት በቀን 4 ጊዜ፤ ጥዋት በ1 ሰዓት፥ ቀን በ6 ሰዓት፥ ማታ በ11 ሰዓት፥ ከመኝታ በፊት በ3 ሰዓት።
ከጥቅምት 12 እስከ ጥቅምት 18 ቀን፦ አንቲባዮቲኩ ይቆማል፤ ስቴሮይዱ በቀን 3 ጊዜ።
ከጥቅምት 19 እስከ ጥቅምት 25 ቀን፦ ስቴሮይዱ በቀን 2 ጊዜ።
ከጥቅምት 26 እስከ ኅዳር 2 ቀን፦ ስቴሮይዱ በቀን 1 ጊዜ፤ ከዚያም ይቆማል።

ይህ ሥርዐት ለእኒህ አባት የታዘዘ ነው፤ ለሌላው በሽተኛ ሐኪሙ እንደ ዓይኑ ሁኔታ ሌላ መድኃኒትና ሌላ ቍጥር ሊያዝለት ይችላል። ስለዚህ ማንም ሰው ይህን ከጋዜጣ ገልብጦ እንዲሠራበት አንሻም። የምንሻው ግን የቍጥሩን ምክንያት እንዲያስተውል ነው። አንቲባዮቲኩ በአንድ ጊዜ ሲቆም ስቴሮይዱ ለምን ደረጃ በደረጃ እንደሚቀነስ ያላወቀ ሰው ሥርዐቱን በቀላሉ ያፈርሰዋልና።

አንቲባዮቲኩ የሚጠብቀው የቍስሉን በር ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ዘበኛው አያስፈልግምና በሳምንቱ ይሰናበታል። ስቴሮይዱ ግን የሚሠራው እንደዚህ አይደለም። የዓይን መቈጣት እንደ ተዳፈነ ፍም ነው፤ ከላይ የጠፋ ቢመስልም ከውስጥ ይቆያል። በሽተኛው በ10ኛው ቀን «ዓይኔ ድኗል፤ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል» ብሎ ጠብታውን በድንገት ቢያቆም ፍሙ ተመልሶ ይቀጣጠላል፤ ዓይኑ ይቀላል፥ ብርሃን ይጠላል፥ ይቈረቍራል፥ እይታውም ይደበዝዛል። በሌላው ወገን ደግሞ «መድኃኒቱ ተስማምቶኛል» ብሎ ከታዘዘው ጊዜ በላይ ለወራት የሚጨምር ሰው በአንዳንድ ዓይን ላይ የውስጥ ግፊት ከፍ እንዲል ያደርጋል። ይህም ግላኮማ የሚባለውን፥ ያለ ሕመም የዓይንን ጅማት የሚያደርቀውን በሽታ ያመጣል። ስለዚህ መቀነሱም መጨመሩም በሐኪሙ ቃል ብቻ መሆን አለበት።

ልጅቱ ሁለቱን ብልቃጦች እንዳታሳስት በስቴሮይዱ ብልቃጥ አንገት ላይ ቀይ ክር አሰረች። አባቷ የብልቃጡን ጽሑፍ ማንበብ ባይችሉም ክሩን በጣታቸው ዳስሰው የትኛው እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። ሁለት መድኃኒት በአንድ ሰዓት ሲሰጥ በመካከላቸው 5 ደቂቃ ያህል ማሳለፍ ይገባል፤ አለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል። ይህን የመሰለ የስቴሮይድ ጠብታ ደግሞ ሲቀመጥ መድኃኒቱ ወደ ታች ይዘቅጣልና ከመጨመሩ በፊት ብልቃጡን መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በሽተኛው ሳምንቱን ሁሉ ውሃውን ብቻ ሲያደርግ ይሰነብታል።

አጨማመሩም እንዲህ ነው። አስታማሚዋ አስቀድማ እጇን በሳሙና ትታጠባለች። በሽተኛው ተቀምጦ ወይም ተንጋሎ ወደ ላይ ያያል። እርሷ የታችኛውን የዓይን ሽፋን በአንድ ጣት ወደ ታች ሳብ ታደርግና በተከፈተው ጕድጓድ ውስጥ አንድ ጠብታ ትጥላለች። የዓይን ኳሱን ግን አትጫንም፤ የብልቃጡም አፍ ዓይኑን፥ ሽፋሽፍቱንም ሆነ ጣቷን እንዳይነካ ትጠነቀቃለች፤ አንድ ጊዜ የነካ እንደ ሆነ ተሐዋስያን ወደ መድኃኒቱ ይገቡበታልና። ከዚያ በኋላ በሽተኛው ዓይኑን ሳይጨምቅ በቀስታ ይከድናል፤ በአፍንጫው በኩል ያለውን የዓይን ማዕዘንም ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ በጣቱ ጫን ያደርጋል። ይህን ያላደረገ ሰው መድኃኒቱ በጕሮሮው ሲመርረው ይሰማዋል፤ መምረሩም ጠብታው በእንባ መውረጃ በኩል ማምለጡን ያሳያል።

ብዙዎች «አንድ ጠብታ ምን ይበቃል» እያሉ ሁለትና ሦስት ይጨምራሉ። ነገር ግን ዓይን ከአንድ ጠብታ በላይ የመያዝ ችሎታ የለውም፤ የቀረው በጕንጭ ላይ ይፈስሳል። ልጅቱ ይህን በሒሳብ አረጋገጠችው። በመጀመሪያው ሳምንት 28፥ በሁለተኛው 21፥ በሦስተኛው 14፥ በአራተኛው 7፥ በጠቅላላው 70 ጠብታ ስቴሮይድ ያስፈልጋል። 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብልቃጥ ደግሞ 100 ያህል ጠብታ ይወጣዋል። ስለዚህ ጥቂት ቢባክን እንኳ አንዱ ብልቃጥ እስከ መጨረሻው ይበቃል። በሁለተኛው ሳምንት ያለቀ እንደ ሆነ ግን አጨማመሩ ተሳስቷል ማለት ነው።

ከጠብታው ቀጥሎ ወረቀቱ የሚከለክለውን ይዘረዝራል። ክልክሉ ሁሉ ከሁለት ምክንያት የወጣ ስለ ሆነ ሁለቱን የያዘ ሰው ዝርዝሩን በቃሉ ማጥናት አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ምክንያት፥ ስፌት የሌለበትን ቍስል የሚከፍት ግፊት እንዳይመጣ ነው። ስለዚህ ዓይንን ማሸት፥ ከባድ ዕቃ ማንሣት፥ ራስን ከወገብ በታች አዘቅዝቆ መጐንበስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከለከላል። ጸሎት ለሚያደርጉ ሰዎችም ስግደቱን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ በመቆምና በመቀመጥ እንዲለውጡት ይመከራል። ሰው በእንቅልፍ ልቡ ዓይኑን እንዳያሽ የተሰጠው ጠንካራ የዓይን መከለያ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ሌሊት ሌሊት በፕላስተር ይታሰራል፤ በሽተኛውም በተሠራው ዓይን በኩል አይተኛም።

ሁለተኛው ምክንያት፥ እድፍ ወደ ቍስሉ እንዳይገባ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ፊት በውሃ አይረጭም፤ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ። ጠጕር መታጠብ ቢያስፈልግ በሽተኛው ወደ ኋላ ተንጋሎ ሌላ ሰው ያጥበዋል። የማድቤት ጢስና አቧራ ካለበት ስፍራ ይርቃል፤ ኩል የምትኳል ሴትም ሐኪሙ እስኪፈቅድላት ድረስ ትተወዋለች። በአገራችን ልማድ ዓይን ሲያመው የእናት ጡት ወተት የሚያንጠባጥብ፥ ቅጠል ጨምቆ የሚጨምርም አለ፤ ለተቈረጠ ዓይን ይህ ትልቅ አደጋ ነው። ጠበልም ቢሆን በዓይን ውስጥ እንዳይረጭ፥ ሐኪሙ ቍስሉ መግጠሙን እስኪናገር ድረስ መታገሥ ይገባል። በሽተኛው ለደም ግፊት ወይም ለስኳር በሽታ የሚወስደው መድኃኒት ቢኖር ግን ሐኪሙ ካላዘዘው በቀር አያቋርጠውም።

አሁን ከወረቀቱ ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ላይ ደርሰናል፤ ይኸውም ደግ ምልክትን ከክፉ ምልክት መለየት ነው። የተሠራ ዓይን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አሸዋ የገባበት ያህል ይቈረቍራል፥ ያነባል፥ ጥቂት ይቀላል፥ ብርሃንም ይወጋዋል። እይታው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፤ ነጭ ነገርም ከቀድሞው ይልቅ ሰማያዊ መስሎ ይታያል። በዓይኑ ነጭ ላይ ደም የመሰለ ምልክት ቢታይ እንኳ ሕመም ከሌለውና እይታን ካልቀነሰ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ራሱ ይጠፋል። ጥቂት ሕመም ቢኖር ፓራሲታሞል ያስታግሠዋል። ይህ ሁሉ የመዳን መንገድ ነው።

ታዲያ ክፉው በምን ይለያል? መቅላትም ሕመምም ጭጋግም በሁለቱም ወገን አሉና ምልክቱን ብቻ ማወቅ አይበቃም። የሚለየው አካሄዱ ነው። የሚድን ዓይን ዛሬ ከትናንት ይሻላል፤ ቢዘገይ እንኳ ከትናንቱ አይብስም። ተሽሎት የነበረው ዓይን ወደ ኋላ የተመለሰ እንደ ሆነ ግን፥ መመለሱ ራሱ ምልክት ነው። ወረቀቱም ይህን በአንድ አረፍተ ነገር ጽፎት ነበር፤ «እይታዎ ከተሻለ በኋላ ቢቀንስ፥ ወይም ሕመሙ እየጨመረ ቢሄድ፥ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይምጡ» ይላል።

ነገር ግን ዛሬ ከትናንት መሻሉን ሰው በምን ይለካዋል? ሁለቱም ዓይን ተከፍቶ ሳለ ደኅናው ዓይን የታመመውን ይሸፍንለታልና በሽተኛው ራሱ ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ልጅቱ በየጥዋቱ ከጠብታው በፊት አባቷን በአንድ ወንበር ላይ፥ በአንድ ቦታ ታስቀምጣቸውና ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው በቀኙ ብቻ ያን የግድግዳ ቀን መቍጠሪያ እንዲያነቡ ትጠይቃቸው ነበር። ያዩትንም በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ትጽፋለች። ረቡዕ ጥቅምት 6 ቀን ትልልቁን የወሩን ስም አነበቡ። ሐሙስ የቀኖቹን ቍጥር ለዩ። ዓርብ ጥቅምት 8 ቀን ከቍጥሩ በታች ያለውን ደቃቅ ጽሕፈት እንኳ ሁለት መስመር አነበቡ፤ ቤቱም ደስ አለው።

ቅዳሜ ጥቅምት 9 ቀን፥ ቀዶ ጥገናው በተደረገ በ5ኛው ቀን ጥዋት፥ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ቍጥሩን ማየት ተሳናቸው። የወሩ ስም እንኳ በጢስ ውስጥ ያለ መስሎ ታያቸው። ዓይናቸው ከትናንቱ ይልቅ ቀልቷል፤ ሌሊቱንም በዓይናቸው ጥልቅ ውስጥ የሚጠዘጥዝ ሕመም ሲሰማቸው ማደሩን ያን ጊዜ ተናገሩ።

«እንግዲህ ምን ላድርግ ብዬ ነው ልጄ፤ ሌሊት ሰው መቀስቀስ ከበደኝ» አሉ።

በቤቱ የነበሩት ሁሉ መታገሥን መከሩ። ቀጠሮው ሰኞ ጥቅምት 11 ቀን ነበርና እናትየዋ «ሁለት ቀን ብቻ ቀረው፤ በቅዳሜና በእሑድ ማን ሐኪም ይገኛል? አባትሽንም አታንገላቻቸው» አለቻት። አባትየውም ፓራሲታሞሉን ውጠው እንደሚተኙ ተናገሩ። ልጅቱ ግን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የጻፈችውን የአራቱን ቀን ቃል አነበበችላቸውና «አባባ፥ ትናንት ያነበቡትን ዛሬ አላነበቡም፤ ወረቀቱ ደግሞ በዚያው ቀን ይላል እንጂ በቀጠሮው ቀን አይልም» አለች። ወዲያውም መኪና አስጠርታ ይዛቸው ሄደች።

በሐኪም ቤቱ በር ላይ የነበረው ተራ አስከባሪ ቀጠሯቸው ሰኞ መሆኑን አይቶ ሊመልሳቸው ነበር። እርሷም አልተቈጣችም፤ ወረቀቱን አውጥታ ያችን አረፍተ ነገር አሳየችው። እርሱም አንብቦ ወደ ተረኛው ሐኪም አስገባቸው። ሐኪሙ በመመርመሪያው መሣሪያ ሲያይ በዓይናቸው ፊት ክፍል ግርጌ ላይ እንደ አተላ የዘቀጠ ነጭ መግል አገኘ። ተሐዋስያን ወደ ዓይኑ ውስጥ ገብተው ነበርና።

ይህ በሽታ እጅግ ጥቂት ሰው የሚያገኘው ነው፤ በዛሬው የቀዶ ጥገና ሥራ ከ1,000 ዓይን መካከል በአንዱ ወይም ከዚያ ባነሰ ላይ ይደርሳል። ነገር ግን የደረሰበትን ዓይን በሰዓታት ውስጥ እየበላ የሚሄድ ስለ ሆነ ፈጽሞ ሊያሳውረው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠውም ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት፥ ሰው ሁሉ «ዳነ» ብሎ በተዘናጋበት ጊዜ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህ በሽታ ከያዛቸው ከ4 ሰዎች 1 ያህሉ ሕመም አይሰማውም። ስለዚህ «አላመመኝም» ማለት መተማመኛ አይሆንም፤ የእይታ መቀነስ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። በቤት ያለው ጠብታም ይህን በሽታ አያድነውም፤ መድኃኒቱ እስከ ዓይን ውስጠኛው ክፍል ጠልቆ አይደርስምና።

ሐኪሙ በዚያው ሰዓት ከዓይናቸው ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ለምርመራ ቀድቶ፥ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ በቀጭን መርፌ በቀጥታ ወደ ዓይናቸው ውስጥ ሰጣቸው። በሁለተኛው ቀን ሕመሙ ቀለለ፤ መግሉም እየቀነሰ ሄደ። በኋላ ሐኪሙ ለልጅቱ እስከ ሰኞ ቆይተው ቢሆን ኖሮ ዓይኑን ማትረፍ እጅግ ያስቸግር እንደ ነበር ነገራት። እይታቸው እንደ ዓርቡ ብሩህ እስኪሆን ብዙ ሳምንት ፈጀ፤ ዛሬም ከጥቂት ጭጋግ ጋራ ነው። ቢሆንም በመነጽር ጋዜጣ ያነባሉ፤ ያለ መሪም ወደ ደጅ ይወጣሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነ አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ለሌላው ቤተ ሰብ ትምህርት ይሆናል። በበሽታው ምክንያት የጠብታው ሥርዐት ፈጽሞ ተለውጦ አዲስ ወረቀት ተጻፈላቸው፤ የሰዓቱም ቍጥር በዛ። ልጅቱ አዲሱን ስትሰካ አሮጌውን ከግድግዳው አውርዳ በላዩ ላይ ሰረዝ አደረገችበትና አስቀመጠችው። በአንድ ቤት ሁለት ትእዛዝ ተሰቅሎ ቢቆይ አንደኛዋ አስታማሚ በአንዱ፥ ሌላዋ በሌላው ስትሠራ በሽተኛው በመካከል ይጐዳ ነበርና።

ወረቀቱ ከዚህ በሽታ ሌላ በዚያው ቀን የሚያስኬዱ ጥቂት ምልክቶችን ይጽፋል። ከዓይን ወፍራም መግል መውጣት ወይም የዓይን ሽፋን ማበጥ አንዱ ነው። ጽኑ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋራ ቢመጣ የዓይን ግፊት ከፍ ማለቱን ሊያመለክት ይችላል። በድንገት እንደ መብረቅ ያለ ብልጭታ መታየት፥ ብዙ ጥቍር ነጠብጣብ በእይታ ፊት መንሳፈፍ፥ ወይም መጋረጃ እንደ ወረደ ሆኖ የእይታ አንድ ወገን መጨለም፥ በዓይን ኋላ ያለው ስስ መጋረጃ መላቀቁን ሊያመለክት ይችላል። ይህ ደግሞ በመጀመሪያው ወር ብቻ ሳይሆን ከወራትና ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ምልክቱን ለዘወትር ማስታወስ ያሻል። እንዲሁም የተሠራው ዓይን ቢመታ፥ ሕመም ባይኖረውም መታየት አለበት።

ከዚህ በተለየ፥ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ያለ ሕመምና ያለ መቅላት እይታው ቀስ በቀስ ቢደበዝዝ፥ ሰዎች «ሞራው ተመልሶ በቀለ» ይላሉ። ሞራ ግን አይመለስም፤ የወጣው ሌንስ ወጥቷልና። የደፈረሰው ሰው ሠራሹን ሌንስ የያዘው ስስ ከረጢት ነው፤ ይህንም ሐኪም በሌዘር ብርሃን በጥቂት ደቂቃ ይከፍተዋል። ይህ የጥድፊያ ነገር አይደለም፤ በቀጠሮ ይደረጋል። መነጽርም የሚለካው ዓይኑ ከረጋ በኋላ፥ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ከዚያ በፊት የተገዛ መነጽር ሳይቆይ የማይስማማ ይሆናል።

እንግዲህ በቤቱ ሞራ የተነሣለት ሰው ያለው አንባቢ ይህን ሁሉ በቃሉ መያዝ ቢያስቸግረው አራት ነገር ብቻ ያድርግ። ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰው ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ይስቀል። የሐኪም ቤቱን የስልክ ቍጥርና በሌሊት ወይም በበዓል ቀን ወዴት እንደሚኬድ ገና ከሐኪም ቤቱ ሳይወጣ ጠይቆ በላዩ ላይ ይጻፍ። በየጥዋቱ ደኅናውን ዓይን አስሸፍኖ በአንድ ቦታ፥ አንድ ነገር ያስነብብና ያየውን ይመዝግብ። የዛሬው ከትናንቱ አንሶ ባገኘው ጊዜም ቀጠሮ ሳይቈጥር በዚያው ቀን በሽተኛውን ይዞ ይሂድ።

እኒያ አባት ባለፈው ጊዜ ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ያ ሰረዝ የተደረገበት ወረቀት የት እንዳለ ጠየቅናቸው። ከዳዊታቸው መካከል አውጥተው አሳዩን፤ በጠርዙ ላይ የልጃቸው የእጅ ጽሕፈት አለበት። «ረቡዕ ጥቅምት፤ ሐሙስ ቍጥሩን፤ ዓርብ ደቃቁን ሁለት መስመር፤ ቅዳሜ ምንም» ይላል። መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አነበቡልን።